አሥራ አንድ ዋት

የላቦራቶሪ መምህራችን ቀይ እስክሪብቶ የሚያውቀው ሁለት ቃል ብቻ ነበር። ተማሪ በሪፖርቱ ማጠቃለያ ላይ «ልዩነቱ የመጣው በሰው ስህተት ነው» ብሎ ከጻፈ፣ ከጎኑ «ሰውየው ማነው?» ይልና ዜሮ ይሰጣል። ከኋላው «ሰውየው ማነው» እያልን የምንጠራውም ለዚህ ነው። አምና በዚችው ጥያቄ ጥሎኛል። ዘንድሮ ከወደቅኩ ከትምህርት ክፍሉ እሰረዛለሁ። ታላቅ እህቴ ቁርጡን ነግራኛለች፦ «ስሚኝ የኔ እመቤት፣ አሁንም ካልሆነ ሱቅ ገብተሽ አብረሽኝ ትሸጫለሽ።» ሱቅ አልንቅም። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የተበላሸ ሬዲዮ ስፈታ ነው ያደግኩት፤ ሳስበው ወሽመጤ ቁርጥ ይላል።

የዕለቱ ሥራ የትራንስፎርመር የአጭር ዙር ሙከራ ነበር። የአንዱን ጎን ሁለት ጫፎች በሽቦ ታገናኛለህ፣ በሌላው ጎን ቮልቴጁን ቀስ እያልክ ሙሉው ከረንት እስኪፈስ ትጨምራለህ። ያኔ ዋት ሜትሩ ላይ የምታነበው በመዳብ ሽቦ ጥቅሎቹ ውስጥ በሙቀት የሚባክነውን ኃይል ነው። እኛ ጠዋት ጥቅሎቹ ከረንቱን የሚቋቋሙበትን ሬዚስታንስ ለክተን ስናሰላው ሠላሳ ሰባት ዋት ወጣ። ከሰዓት ዋት ሜትሩ አርባ ስምንት አለ።

«ሠላሳ ስምንት ብለን እንጻፈው» አለ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ። በቁመቱ የተነሳ ቀጭኔ ነው የምንለው። «ማን ያየናል?»

«አፈር ብላ! በውሸት ቁጥር ልታስቀጣኝ ነው?»

ከፊታችን የሠሩትን ልጆች ዞሬ ጠየቅኩ። ሁሉም ወደ አርባ ስምንት አካባቢ ነው ያገኙት፤ ሁሉም «የሰው ስህተት» ብለው ጽፈዋል። ኧረ ተዉ! ይሄ ሁሉ ሰው ተስማምቶ በአንድ ቁጥር ይሳሳታል? አንዱ ሲያበዛ ሌላው ያሳንስ ነበር እንጂ። ከእኛ ውጭ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሙቀቱን ያዝኩ። ጠዋት ስንለካው ትራንስፎርመሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከሰዓት ግን ሲሠራበት ውሎ ሞቋል። መዳብ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ባሰላው አራት ዋት ያህል አገኘሁ። ከአሥራ አንዱ ሰባት ቀረኝ። ከሱ ላይ ጥቂቱን በጥቅሎቹ ዙሪያ ያለው ብረትና ራሱ ዋት ሜትሩ ይወስዱታል፣ እሺ። የቀረውስ?

ተስፋ ቆርጬ ልፈታታው ስል ሁለቱን ተርሚናል ያገናኘው ሽቦ ጣቴን ለበለበኝ። ሽቦው ቀጭንና ረጅም ነው። ቀይ ቴፕ ተጠቅልሎበት፣ «ለአጭር ዙር» ተብሎ ተጽፎበት ሚስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። ያዘጋጀው ራሱ መምህራችን ነው፤ ሌላ ሽቦ የነካ ወዮለት።

«ቀጭኔ፣ መልሰህ አብራው እስቲ!»

ከጫፉ እስከ ጫፉ ያለውን ቮልቴጅ ለካሁ። አጭር ዙር ከሆነ ዜሮን መጠጋት ነበረበት። ዜሮ ነጥብ ስድስት! ዘጠኝ አምፔር እየፈሰሰበት ነበርና ሽቦው ብቻውን አምስት ዋት ተኩል ገደማ ይበላል። ይሄን ሁሉ ዘመን ሽቦውን ከትራንስፎርመሩ ጋር ደምረን ነው ስንለካ የኖርነው። ደስታው እንዴት እንዳደረገኝ!

ማጠቃለያዬን በዚያው ጻፍኩት፤ ሙቀቱን፣ ሽቦውን፣ ጥቂቷን ትርፍ፣ እያንዳንዱን ከነዋቱ።

ቀጭኔ አንብቦት ራሱን ያዘ። «ሽቦው የሱ እኮ ነው! ምን ነካሽ አንቺ?»

መምህሩ ሪፖርቱን ፊቴ ቆሞ አነበበው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

«የሽቦው ምርጫ የሰው ስህተት ነው ነው የምትይው?»

«አዎ መምህር።»

«ሰውየው ማነው?»

እህቴ፣ ሱቁ፣ ሁሉም ፊቴ ላይ መጣ። ደግሞ አምና የበላሁት ዜሮ ታወሰኝና ተናደድኩ።

«እርስዎ ነዎት» አልኩት።

መምህሩ ከመሳቢያው አጭርና ወፍራም መዳብ አወጣ፣ ሽቦውን ነቅሎ በሱ ተካው፣ ከረንቱን እዚያው መጠን ላይ መልሶ ዋት ሜትሩ ላይ አጎነበሰ። አርባ ሁለት ተኩል። አጥፍቶ እንደገና ሞከረ። ያው ነው።

ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ ከማጠቃለያዬ ሥር «እኔ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሽቦውን እጁ ላይ እየጠቀለለ ቀና አለ።

«አምና የለካሽው ስንት ነበር?»

«አርባ ስምንት።» እንባዬ መጣ።

«ልክ ነበርሽ» አለ።