አንድ የሰፈራችን ልጅ

መምህሯ አፏን የማትገዛ ሴት አልነበረችም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ስታስተምር ኖራ አንዱንም ተማሪ «ደደብ» ሳትል ጡረታ የወጣች ናት። ብቻ እናቷ የተቀበረች ዕለት፣ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ፣ ታናሽ ወንድሟ አፈር ከተመለሰ በኋላ ከመንገድ ደረሰ። ያን ጊዜ ምላሷ ቀደማት። «እኔ ወንድም የለኝም!» አለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት በእግሩ ጭምር እንደመጣ የሰማችው ሰንብታ ነው። እሱ ደጇን መርገጥ ትቶ ነበር። እሷም ብትሆን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ጥፋቷን እያወቀች ኩራት አላስኬድ አላት። ሽማግሌ ስትልክበት፣ «በሰው ፊት የካደችኝ በሰው ፊት ወንድሜ ትበለኝ፤ ሌላ ካሣ አልፈልግም» ብሎ መለሰ። ቀላል ነገር ጠየቀ ይባል ይሆናል። ግን በሰው ፊት የሚያገናኛቸው ነገር ጠፍቶ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ።

መጨረሻ ላይ ያገናኛቸው መምህሯ ያለችበት ኮሚቴ ለሰፈሩ ልጆች ሊከፍተው ያሰበው ቤተ መጻሕፍት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለዚሁ አንድ አሮጌ መጋዘን ሰጠ። መጋዘን ይባል እንጂ ዝናብ ሲመጣ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ ነበር የሚዘንበው። መጻሕፍቱ በካርቶን ታስረው የመምህሯን ሳሎን ስለያዙት እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው መዝገበ ቃላት ላይ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው የአካባቢውን ነጋዴዎች ወደ አዳራሽ ጠርቶ ሊለምን ወሰነ፤ ንግግሩም ለመምህሯ ተሰጠ። ከተጠሩት መካከል ብረትና ቆርቆሮ የሚሸጠው ወንድሟ ነበረበት። «እመጣለሁ» ብሎ ላከ። መልእክቱን ስትሰማ ለምን እንደሚመጣ ገባት፤ የዚያን ዕለት ራት አልበላላትም።

የንግግሩን መግቢያ ስትጽፍ ስትሰርዝ ሰነበተች። በመጨረሻ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወንድሜ ልጅ ሳለ ስኳር ግዛ ተብሎ ሲላክ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣ ነበር። ባለሱቁ ስኳሩን የሚጠቀልልበትን ጋዜጣ መንገድ ላይ ቆሞ ያነባል። ወሬው መሐል ላይ ተቀዶ ሲያልቅበት ተመልሶ ሄዶ ‹ቀሪውን ስጠኝ› ይላል። ቀሪው የሌላ ሰው ስኳር ተጠቅልሎበት ሄዷል። ዛሬ የጠራናችሁ ቀሪውን ፍለጋ ለሚንከራተቱ ልጆች ነው።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ባለመድኃኒት ቤቱ ነው፤ የድሮ ተማሪዋ። አነበበውና ወደደው። ወዲያው ግን እስክሪብቶውን አወጣ።

«መምህርት፣ ታሪኩ ግሩም ነው። ለጋሽ ልቡን የሚከፍተው መግቢያው ላይ ነው፤ አንድ ልጅ ካሳየነው በኋላ ጣሪያ ብንለው ይሰማል። ‹ወንድሜ› የምትለዋ ግን ትውጣ።»

«ለምን ትወጣለች? ወንድሜ እኮ ነው።»

«መሆኑንማ ማን ያጣዋል! ግን ከመድረክ ሲነገር ሌላ ነው። አንዱ ‹እህትና ወንድም ከሆኑ እነሱው ይሥሩት› ብሎ እጁን ይሰበስባል። ሌላው ‹የወንድሟን ቆርቆሮ ልታስገዛ ነው› ይላል። እንደሚያሙን ያውቃሉ። ‹አንድ የሰፈራችን ልጅ› ቢሉስ?»

ባለመድኃኒት ቤቱ የተናገረው ሐሰት የለበትም፤ ክፉም አላሰበም። እሷም እሺ አለች። በልቧ ግን «ወረቀቱ የእሱ፣ አፉ የእኔ» ብላ ነበር። መድረኩ ላይ ስትወጣ መጀመሪያ እንደጻፈችው «ወንድሜ» ልትል ቆርጣ ነበር።

ቀኑ ደርሶ አዳራሹ ሞላ። ወንድሟ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፣ ኮቱን ቆልፎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፤ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ይመስላል። ፀጉሩ ሸብቷል። መቼ እንደሸበተ አለማወቋ አንጀቷን በላው።

«የተከበራችሁ እንግዶች» ብላ ጀመረች። ቀና ስትል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። ወደፊት ዘንበል አለ። ያቺን ቃል እንደሚጠብቅ የታወቃት ያን ጊዜ ነው። ታዲያ ፈራች። «ወንድሜ» ብላ ፊቱን ቢያዞርባትስ? ይህ ሁሉ ሰው እያየ? ዐይኗ ወደ ወረቀቱ ወረደ። ወረቀት ደግሞ የተጻፈበትን ነው የሚሰጥ።

«አንድ የሰፈራችን ልጅ» አለች፣ «ስኳር ግዛ ተብሎ ሲላክ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣ ነበር።»

ሰው ሳቀ። ተቀዶ የቀረው ወሬ ላይ ስትደርስ አንድ ዳቦ ጋጋሪ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠረገ። መምህሯ ንግግሩ እንደሰመረላት አወቀች፤ ደስ ግን አላላትም። ወንድሟ ቀስ ብሎ ወንበሩን ተደግፎ ነበር። አሁንም ልትመልሰው ትችል ነበር። «ያ ልጅ ወንድሜ ነው» ብትል ምን ነበረበት! ግን ቀጣዩ መስመር ስለ ጣሪያው ነበርና ስለ ጣሪያው አነበበች።

ቃል መግባት ሲጀመር ዳቦ ጋጋሪው «ወንበሮቹ በእኔ» አለ። የጽሕፈት መሣሪያ ሻጩ ተጨማሪ መጻሕፍት አሰባስቦ ሊያመጣ ቃል ገባ። ከዚያ ወንድሟ ተነሣ።

«የጣሪያው ቆርቆሮና የመደርደሪያው ብረት በእኔ ይሁን፤ በነፃ ነው። ወይዘሮ ያወሩለት ልጅ እኔ ነኝ። እንዳሉትም» አለና ትንሽ ፈገግ አለ፣ «የሰፈር ልጅ ነኝ።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ጨዋታ መሰላቸው። ባለመድኃኒት ቤቱ ብቻ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ያደረገው ነገር የገባው ገና አሁን ነው።

መምህሯን ግን የወጋት የሰፈር ልጅ መባሉ ብቻ አልነበረም። ያ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ፣ «እታለም፣ ሁለቱም ‹ጸ› ከሆኑ አንደኛው ለምን ተፈጠረ?» እያለ እንቅልፍ የነሳት ልጅ፣ «ወይዘሮ» አላት። አንቱ አላት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር፤ ስድብ ለዘመድ ነው።

ጭብጨባው ሳያልቅ ወንድሟ ወጣ። መድረኩን ትታ ተከተለችው፤ የመኪናውን በር ከፍቶ ሊገባ ሲል ደረሰችበት። ግቢው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም።

«ወንድሜ!» አለች። ስድስት ዓመት በእሱ ፊት ያልወጣው ቃል አሁን እንዲህ በቀላሉ ወጣ። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ!»

በሩን እንደያዘ ቆመ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ዘወር ብሎ ባዶውን ግቢ አየ፤ ከዚያ ሰው የሞላበትን አዳራሽ አየ።

«እዚህማ ማን ይሰማዎታል?» አላት።

መኪናውን በቀስታ፣ አቧራ እንዳይነሣባት ተጠንቅቆ፣ ከግቢው አወጣ። እሷ ባለችበት ቆማ ቀረች። ባለመድኃኒት ቤቱ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ እንግዶቹ ሊያመሰግኗት እየጠበቁ መሆኑን ነገራት።