የተቃጠሉት ፖስታዎች

የሟቹን ሠዓሊ የሕይወት ታሪክ ስጽፍ አንድ ሐምሌ አልገጥም ብሎ አናቴን አዞረው። ለቤተሰቡ የጻፋቸው ደብዳቤዎችም የጉዞ ዕቅዱም በዚያ ወር ሩቅ ባለ ወደብ ከተማ ነበር ይላሉ። ቀለም ገዝቶ በእጁ የፈረመበት የሐምሌ ደረሰኝ ግን ቤተሰቡ ከሚኖርበት ከዚሁ ከተማ ነው።

ደረሰኙን ለሴት ልጁ ሳሳያት ፊቷ ጠቆረ። "ሙት ወቃሽ አትሁን። እኛን ጥሎ እዚሁ ምን ይሠራል?"

"እትዬ፣ ዕቅድ ሐሳብ ነው፤ ደብዳቤም ጸሐፊው ያለውን ብቻ ነው የሚነግረን። ፖስታዎቹን ይስጡኝ፤ ከየት እንደተላኩ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ይናገራል።"

"የሉም። እናታችን ደብዳቤውን ታነብልንና ፖስታውን ወዲያው ምድጃ ውስጥ ትከተው ነበር።"

ከዚያ ደረሰኙን አተኩራ አየችው።

"የዚህን ከተማ ማኅተም እንዳናይ ነበር የምታቃጥለው" አለች ቀስ ብላ።