የሱዳን ኤምባሲ ጀርባ

ገንዘቡ የት ገባ? ገመቹ ሌላ ነገር ማሰብ ካቃተው ሰነበተ። አሜሪካ፣ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሻትል እየነዳ ያጠራቀመው የስንት ዓመት ጥሪት ነው። አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሙ ለኪያ በባንክ ከላከው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ኪያ በውክልና ቤት ሊገዛለት ነበር። ሻጩ ደግሞ ከዓርብ ወዲያ አንድ ቀን አልጠብቅም ብሏል።

ያኔ ቴሌቪዥኑ ሁሉ የሚያወራው ስለሚወድቁ ባንኮች ነበርና መጀመሪያ የጠረጠረው ባንኩን ነው። ሮጦ ሄደ። ያስተናገደችው ሳሮን እዚሁ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት፤ «አንቱ» ብላ ጀምራ «አንተ» ላይ ትጨርሳለች፣ ልቧ ግን ንጹሕ ነው። የዝውውሩን ማመሳከሪያ ቁጥር ጽፋ ሰጠችው።

«ይሄን ለወንድምዎ ይስጡት፤ እዚያ ባንኩ በዚህ ቁጥር ሰርች ያደርጋል። እኔ ደግሞ ከዚህ ትሬስ አስጀምራለሁ። ማለቴ፣ የት እንደቆመ እንጠይቃለን።»

«ለመሆኑ ብሩ መንገድ ላይ የት ያድራል?» አለ ገመቹ። የምሩን ነው፤ እንደ ሻንጣ በአውሮፕላን የሚሄድ ይመስለው ነበር።

«ብሩ አይሄድም ጋሼ፣ የሚሄደው መልእክት ነው። የኛ ባንክ ከወንድምህ ባንክ ጋር አካውንት የለውም። ሶ፣ መሃል ላይ ሌላ ባንክ አለ፣ ኒው ዮርክ። የወንድምህ ባንክ እዚያ አካውንት አለው። እኛ ለዚያ እንከፍላለን፣ እነሱ ለወንድምህ ባንክ።»

ገመቹን ነገሩ ደነቀው። ቁጥሩን ለኪያ ላከለት። ኪያ ባንኩ ሄዶ አስፈለገና «እኛ ጋ አልደረሰም አሉ» ብሎ ደወለ። እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት! ምላሱ ቀደመውና «በላኸው አይደል?» አለው። ኪያ ስልኩን ዘጋ።

ማክሰኞ ጠዋት ሳሮን ጠራችው። ሲደርስ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ነበር።

«መልስ መጥቷል። ጋሼ፣ ሱዳን ኤምባሲ ማን ነው?»

«ምን?»

«ዋየሩ ላይ፣ ማለቴ የዝውውሩ መልእክት ላይ፣ ስሙ አለ። አሜሪካ ሱዳን ላይ ማዕቀብ አላት። ኒው ዮርክ ያለው ባንክ ሲስተሙ ያንን ሲያይ ክፍያውን ሆልድ አድርጎታል፣ ይዞታል። ከወንድምህ ጋር ምን ያገናኘዋል ነው የሚሉት።»

ለገመቹ ቀስ እያለ ነገሩ ተገለጠለት። ፎርሙ የተቀባዩን አድራሻ ሲጠይቅ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው «ሱዳን ኤምባሲ ጀርባ» ብሎ ሞልቶ ነበር።

«ጀርባ?» ሳሮን ዓይኗ ፈጠጠ። «እና ፖስታ ቤት እንዴት ያገኘዋል?»

«ፖስታ ማን ይልካል? ሰው ነው የሚመጣው። ኤምባሲው ጋ ደርሶ ይደውላል፣ ኪያ ወጥቶ ይቀበለዋል!»

ሁለቱም ሳቁ። ገመቹ ከሁሉ የበለጠ ሳቀ፤ እፎይታ ነው። ገንዘቡ አለ። ሳቁ ሳያልቅ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ወንድሙ እውነቱን ነበር።

«ኤምባሲው በክፍያው ውስጥ እንደሌለበት ጽፈህ ትፈርማለህ» አለች ሳሮን። «ከዚያ ትክክለኛው አድራሻ። ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። ዛሬ ወደ ኒው ዮርክ እንልካለን።»

«ይለቁታል?»

«ፕሮሚስ አላደርግም፤ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ግን ጥያቄያቸው ይሄ ብቻ ነው።»

ገመቹ እስክሪብቶውን አነሳ። እጁ ቆመ። የወንድሙን በር ቀለም ያውቃል፣ የሚጮኸውን ማጠፊያ ያውቃል፤ የቤቱን ቁጥር ግን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው ኪያ ነው።

ደወለ። ኪያ ለረጅም ጊዜ ካስጠራው በኋላ አነሳ። ገመቹ እየተንተባተበ ሁሉንም ነገረው፤ ኒው ዮርክን፣ ኤምባሲውን። ኪያ አልሳቀም። ክፍለ ከተማውን፣ ቀበሌውን፣ የቤቱን ቁጥር አንድ በአንድ አስጻፈው።

«ጻፍክ?»

«ጻፍኩ። ኪያ፣ ያን ቀን ያልኩህን…»

«ብሩ ሲገባ ቤቱን እገዛልሃለሁ፤ ቃል ገብቻለሁ። ሻጩ አልጠብቅም ካለም እለምነዋለሁ። ቁልፉን ከውል አዋዋዩ ትወስዳለህ። ስትመጣ ግን እኔ ጋ አትምጣ።»

ስልኩ ተዘጋ።

«አድራሻውን አገኘህ?» አለች ሳሮን፣ ወረቀቱን ለመቀበል እጇን ዘርግታ።

«አገኘሁት» አለ ገመቹ።