ምዕራፉ እኔን አንብቦ ተኛ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አምና በፋይናል ሳምንት ረይሐና ላይብረሪ ውስጥ ሃንድአውቷ ላይ ተደፍታ፣ አፏን ከፍታ ስትተኛ ጌታነህ ፎቶ አንስቶ የተማሪዎች ኅብረት ገጽ ላይ ለጠፋት። ከላይ «ዶክተር ልትሆን ነው አሉ»፣ ከታች «በሽተኛው ይጠብቅ፣ ምራቋ ይድረቅ» ብሎ ጻፈባት። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ሲቀላ ሰፈር ሱቅ ያለው ወንድሟ ሚፍታ ሳይቀር አይቶ ደወለላት።

«ለእንቅልፍ ነው እንዴ የላክንሽ?»

አንጀቷ አረረ። ዓመት ሙሉም አልበረደላትም።

ዘንድሮ የገጹ ኃላፊ ሊመረጥ ነው። ጌታነህ ለቦታው ክፉኛ ቋምጧል፤ ረይሐናም እልህ ይዟት ተወዳደረች። የኅብረቱ ሰብሳቢ ትሁት «በፈተናው ሳምንት ሁለታችሁም ለጥፉ፤ ተማሪው የወደደለት ይይዘዋል» አለች።

ረይሐና ስልኳ ውስጥ የምትወረውረው ጥሩ ድንጋይ ነበራት፤ ጌታነህ ከካልኩለስ ፈተና ወጥቶ ማንጎ ዛፍ ስር ሲያለቅስ የሚያሳይ ፎቶ። ፎቶው ላይ በነጭ ፊደል «የሰው እንቅልፍ ሲያይ ይስቃል፣ ጥያቄ ሲያይ ያለቅሳል» ብላ ጻፈችና ደጋግማ አነበበችው። አያስቅም። በእንዲህ ያለ ቀልድ የላይኛው መስመር ሁሉም የሚያውቀውን ጣጣ ያነሳል፣ የታችኛው ይጥለዋል፤ የሚወድቀው ግን ጻፊው ራሱ ካልሆነ አንባቢ «ነገ ተራው የኔ ነው» ብሎ ይሸሻል እንጂ ለጓደኛው አይልከውም። ሰረዘችው። አዝናለት እንዳይመስላችሁ፤ የባሰ ነገር ታይቷት ነው።

ያንኑ የራሷን ፎቶ አወጣች። ከላይ «አንድ ምዕራፍ አንብቤ ልተኛ አልኩ»፣ ከታች «ምዕራፉ እኔን አንብቦ ተኛ»። ከስሩም «ወድቃችሁ የተኛችሁ ሁሉ፣ አብረን ነን፤ ምሳ ብሉ» ብላ፣ የካፌው ሰልፍ ሲረዝምና ሁሉም ስልኩን ሲጎረጉር ለጠፈችው። በማግስቱ ደግሞ «የግቢው ዝንጀሮ ዳቦዬንም ሃንድአውቴንም ነጠቀኝ» ከላይ፣ «ሃንድአውቱን አየት አድርጎ መለሰልኝ» ከታች።

ተማሪው «ይሄ እኔ ነኝ!» እያለ ጓደኞቹን ታግ አደረገ፣ የራሱን የእንቅልፍ ፎቶ ይልክላት ጀመር። መሃል ላይ አንዷ «አምና ይህን ፎቶ ያለ ፈቃዷ የለጠፈው ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። ረይሐና ላይክ ብቻ አደረገችላት። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ስሙን ጠርተው ጨረሱላት።

የፈተናው ሳምንት ሊያልቅ ሲል ጌታነህ ፊቱ ጠቁሮ ዶርሟ በር ላይ መጣ።

«ረይሑ፣ በናትሽ፣ በኔ ላይም አንድ ጻፊልኝ። ላንቺ እንደሚስቁልሽ ይሳቁልኝ። ካልኩለሱን እንደሆነ አበላሽቼዋለሁ።»

የልቅሶውን ፎቶ ላከችለት። «ይኸው፣ ለማንም አላሳየሁም። ጽሑፉን ግን አንተው ጻፈው።»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ «አንዳንድ ተማሪዎች…» ብሎ ጀመረ፤ አጠፋው። «ጓደኛዬ…» አለ፤ አጠፋው። ስለ ራሱ አንዲት ቃል ጠፋችው። ረይሐና አጠገቡ ቆማ ታየዋለች። የሚያድነው ዓረፍተ ነገር ምላሷ ላይ ነበር፣ ዋጠችው፤ እንደዚያ የጣፈጣት ነገርም አልነበረም።