የትልቁ ቁጥር ሱሪ

የተማሪ የካኪ ሱሪ የሚፈለገው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከነሐሴ ማለቂያ እስከ መስከረም አጋማሽ ወላጆች በጉለሌው የቀበሌዎች ኅብረት ሱቅ በር ላይ ይጋፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ካኪውን የሚፈልገው ብል ብቻ ነው። ትእዛዙ ግን በሚያዝያ መግባት አለበት። የቀጨኔ ልብስ ሰፊዎች ጨርቁን ቆርጠው ሰፍተው ለማድረስ ክረምቱን ሙሉ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ የሱቁ የትእዛዝ ሠራተኛ ዓለሜ በየሚያዝያው ገና ያልመጣውን መስከረም መገመት ነበረበት።

ሥራውን የጀመረ ሰሞን የዓመቱን ሽያጭ ለአሥራ ሁለት ወር አካፍሎ በየወሩ እኩል አዞ ነበር። መስከረም ላይ እናቶች ሊደባደቡ ደረሱ፤ ጥር ላይ ክምሩ ጣራ ነካ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የፕላን ክፍል የመጣችው ጸሐይ ክምሩን አይታ ሳቋ አመለጣት።

«ጋሽ ዓለሜ፣ በጥር ዩኒፎርም የሚገዛው ማነው? የጥምቀት ታቦት ሊያጅቡበት ነው?»

«እንግዲህ አማካይ አውጣ ተባልኩ፣ አወጣሁ።»

«መስከረምን ከመስከረም ጋር ነው የሚያወዳድሩት። ያለፉትን ሦስት መስከረሞች ደምረው ለሦስት ያካፍሉ። አዲሱ ዓመት ሲመጣ አዲሱን ያስገቡ፣ ከሁሉ አሮጌውን ይጣሉ። አማካዩ አብሮዎት ይራመዳል።»

ሲለምደው ሌላ ዘዴ ጨመረችለት። ያለፈውን ግምት ከተሸጠው ጋር ማስተያየት፣ ከልዩነቱ ጥቂት እጅ ብቻ ወስዶ ግምቱን በዚያው ማረም።

«ስንት እጅ?» አላት።

«እሱ የእርስዎ ፈንታ ነው። ያለፈውን ዓመት በጣም ካመኑት ብዙ እጅ፤ እንግዳ ዓመት ነው ካሉ ጥቂት።»

ዓለሜ ከአሥር ሁለት እጅ መረጠ። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ አንድ ዓመት ስለ ተንገዳገደ ብሎ ሁሉን አይገለብጥም። ለዓመታት ተሳካለት። ሱሪው ብዙም አይተርፍ፣ ብዙም አያልቅ።

በ1981 መስከረም ነገሩ ተበላሸ። ትልቁን ቁጥር ሱሪ፣ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች የሚለብሱትን፣ ስምንት መቶ ሃያ ይሸጣል ብሎ ገምቶ ነበር። የተሸጠው አራት መቶ ሃያ ሆነ። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚናገር ግን የለም። በዚያው ክረምት ለብሔራዊ ውትድርና ልጆቹ ከየመንገዱ ታፍሰው ነበር። የዓለሜ ልጅ አድነውም አውቶቡስ ሲጠብቅ ተይዞ ሄደ። ደብዳቤ አልመጣም።

በሚያዝያ ጸሐይ ከዓለሜ ጠረጴዛ ጎን ተቀምጣ አሰላች። የሦስቱ መስከረሞች አማካይ ስድስት መቶ ሰማንያ ወጣ። በሁለት እጁ መንገድ ደግሞ፣ አራት መቶው ጉድለት ሰማንያ ብቻ ቀንሶ ሰባት መቶ አርባ አለ።

«ሁለቱም አይሆኑም» አለች። «ነገር በድንገት ሲወድቅ ሁለቱም ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ያሉት በድሮው ዓመት ነው። እኔ ብሆን ስምንት እጅ እወስዳለሁ። አምስት መቶ።»

«እንግዳ ዓመት ነው ጸሐይ። ይመለሳሉ።»

«ማን?»

«ልጆቹ ናቸዋ።»

እርሳሷን አስቀመጠች። «ጋሽ ዓለሜ፣ ጨርቁ እኮ ኮታ ነው። ከአንድ ትልቅ ሱሪ ሁለት የሕፃን ቁምጣ ይወጣል። ለትልቁ ያበዙት ከትንንሾቹ ላይ ነው የሚቆረጠው።»

ዓለሜ ሒሳቡ ገብቶታል። ግን አምስት መቶ ብሎ መጻፍ አድነው አይመጣም ብሎ መፈረም መሰለው። ሰባት መቶ አርባ ብሎ ጻፈ።

በሰኔ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መሸሻ አስጠሩት። የትእዛዙ ግልባጭ ፊታቸው ተዘርግቷል። መስኮቱ አጠገብ ዓለሜ የማያውቀው፣ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ተቀምጧል።

«ጓድ ዓለሜ፣ ግምትህ ሁልጊዜ ልክ ነው ይሉሃል። እንዲያውም ጠንቋይ ይሉሃል አሉ።» ሳቁ። «ለውትድርና ምዝገባ የቀረቡልን ወጣቶች ሦስት መቶ አይሞሉም። አንተ ግን ሰባት መቶ አርባ ሱሪ ትላለህ። ሱሪ ካለ እግር አለ። የቀረው እግር የት ነው የተደበቀው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እሱ... ማለቴ የሰው ቁጥር አይደለም። ግምት ነው። የድሮ ዓመታትም አሉበት።»

«ስለዚህ ስህተት ነው?»

ዓለሜ ግልባጩ ላይ የጻፈውን ቁጥር አየ።

«ስህተት ከሆነ የመንግሥት ጨርቅ አባክነሃል። ያ ስም አለው፤ የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል።» ወደ ታጣቂው ዞር አሉና ተመለሱ። «ትክክል ነው ወይስ ስህተት? አንዱን በል።»

ስምንት እጅ ቢወስድ ኖሮ የሚለው ሐሳብ መጣበት።

«ትክክል ነው» አለ።

ታጣቂው አንድ ነገር ጻፈ። የአካባቢው የወታደር ኮታ ከፍ ተደርጎ በመስከረም እንዲሟላ ታዘዘ።

ሱሪዎቹ በነሐሴ መጡ። የዓለሜ ጎረቤት ደሳለች፣ በጉልት ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት፣ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዷ ነበረች። ሱሪውን በክንዷ ለካች።

«ይቺ ለትልቁ ልጄ ለለታ ታጥርበት ይሆን ጋሽ ዓለሜ? ክረምቱን ኮርኒስ ላይ ተኝቶ ቁመቱ ብቻ ነው ያደገ» አለችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «በቃ፣ አልሰማሁሽም ይበሉ።»

«አልሰማሁም።»

«ለትንሹ ቁምጣውን ገንዘብ ሳገኝ እመለስበታለሁ።»

እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ዝናብ እየጣለ አፈሳው ቀጨኔ ቁልቁለት ላይ ጀመረ። ከዚህ በፊት መንገድ ላይ ያገኙትን ነበር የሚይዙት፤ አሁን ግን ቁጥር መሙላት ነበረባቸውና ቤት ለቤት ገቡ፤ አልጋ ሥር፣ ጓዳ፣ ኮርኒስ። ዓለሜ ከቤቱ በር ሆኖ ለታን ከደሳለች ቤት አውጥተው በቁልቁለቱ ሲያወርዱት አየ። ልጁ አዲሱን ካኪ አልለበሰም። በባዶ እግሩ ነበር።

በመስከረም አጋማሽ ከሰባት መቶ አርባው የተሸጠው መቶ ሃምሳ ብቻ ሆነ። የቀረው በመጋዘኑ ግድግዳ ልክ ተደርድሯል። የሕፃናቱ ቁምጣ ግን በመጀመሪያው ሳምንት አልቆ ነበር።

ደሳለች ሱሪውን አጣጥፋ፣ ትንሹን ልጇን እየመራች መጣች። ፊቷ ከስቷል።

«ጋሽ ዓለሜ፣ አልተለበሰም፤ ይኸው ያዩታል። ለዚህኛው በቁምጣ ይለውጡልኝ። የአባቱን ሱሪ አስሮ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው፤ ይስቁበታል።»

«ቁምጣ አለቀ ደሳለች።»

ክምሩን ቀና ብላ አየች። «ይሄ ሁሉስ?»

«የትልልቆቹ ነው።»

«ትልልቆቹማ...» ብላ አልጨረሰችውም።

ዓለሜ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሰባት መቶ አርባውን ማን እንደ ጻፈው፣ ትክክል ነው ያለው ማን እንደ ሆነ። ይልቅ መቀሱን ከመሳቢያ አወጣ።

«ስጪኝ። ከዚህ ሁለት ቁምጣ ይወጣዋል። ራሴ ቆርጬ አሰፋልሻለሁ።»

ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከጉልበቱ በላይ በጠመኔ አሰመረ። መቀሱ ጨርቁን ሲነካ ደሳለች እጁን ያዘችው። መዳፏ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

«ይቆዩ» አለች።

«ለልጁ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ዓመቱ እንግዳ ዓመት ነው። እነዚህ ልጆች እኮ ይመለሳሉ፤ አይደል ጋሽ ዓለሜ? እርስዎ የሚያዙትን ያውቃሉ። የማይመለሱ ቢሆን ይሄን ሁሉ ሱሪ ያሰፉ ነበር?»

ዓለሜ መቀሱን አስቀመጠ። ደሳለች የጠመኔውን መስመር በእጇ እያራገፈች ሱሪውን እንደ ነበረ አጣጠፈችው፤ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ትንሹ ልጅ የአባቱን ሱሪ በአንድ እጁ ከወገቡ ላይ ይዞ ተከተላት።