ወንዶሰን ያልቆጠረው ብረት

ወንዶሰን የሰደበኝ ዐረብ አገር፣ በፈረንጆች 2013፣ ወረቀት ለሌላቸው ስደተኞች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ሊያልቅ ሲል፣ ዓርብ ምሳ ላይ ነው። ፉጣ ሰፈር፣ የጋራ ክፍላችን ውስጥ። እሱ ፎርማን፣ እኔ ሲሚንቶ ተሸካሚ። እንግዳ የሚባለው የክፍል ጓደኛችን ወገቡን ታሞ ስለነበር ነገ ይረፍ አልኩ፤ ሌላ አልተናገርኩም። ወንዶሰን ጉርሻውን እንኳን ሳይውጥ፣

«ሙሀባው፣ አንተ የመጣኸው ልትሸከም ነው። ለመናገር እኔ አለሁ» አለኝ።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። የታመመው እንግዳም ሳቀ። ያንን ሳቅ አልረሳሁም።

በ2015 ነሲም ሰፈር፣ አብዱልወሀብ የሚባል የአንድ ሽማግሌ ሾፌር ሆኜ ነበር። ሽማግሌው ለሚያገባው ልጁ ጣሪያው ላይ ሁለት ክፍል ሊጨምር አሰበ። ሥራውን ልያዝ ብሎ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወንዶሰን። አይቶኝ እንዳላየ ሆነና «ወንድሜ፣ ሻይ የለም?» አለኝ። አመጣሁለት።

የብረቱን፣ የብሎኬቱን፣ የሲሚንቶውን ዝርዝር ሰጥቶ ሄደ። ሽማግሌው ነገውኑ ዕቃው ይምጣ ሊል ነበር። ስለ ሒሳቡ የማውቀው ነገር የለም። ወንዶሰን ትንሽ እንዲጨነቅ ብቻ ብዬ፣ ቤቱን የሠራው መሐንዲስ ቢያየው ይሻላል አልኩት ለሽማግሌው። ደስ አለው። ለመሐንዲሱ ደብዳቤ እየጻፈ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር፤

«ለኢንጂነር የሱፍ። ጣሪያው ላይ ሁለት ክፍል ልጨምር ነው። የሥራ ተቋራጩን የዕቃ ዝርዝር ልኬልሃለሁ። በቂ መሆኑን፣ የቀረ ነገር መኖሩን፣ የድሮው መሠረትም መቻሉን አይተህ ንገረኝ። ያንተን ቃል ሳልሰማ አንድ ብረት አልገዛም።»

ደብዳቤውን ባዲዓ ሰፈር ያለው የኢንጂነሩ ቢሮ ድረስ ራሴ አደረስኩት። መንገዱን ሙሉ ስህተት እንዲገኝበት ፈጣሪን ስለምን ነበር።

ኢንጂነሩ፣ ረጋ ያለ ሱዳናዊ፣ በሳምንቱ መጣ። ወንዶሰንም ተጠርቶ ሁላችንም ጣሪያ ወጣን። መሠረቱ ይችላል አለ። ከዚያ ከድሮዎቹ ዓምዶች ጫፍ ላይ ለወደፊት ተብለው የተተዉትን ብረቶች ያዘ። አዲሱ ብረት ከእነዚህ ጎን ወርዶ፣ ተደራርቦ መታሰር አለበት፤ ዝርዝሩ ግን የተቆጠረው ከጣሪያው በላይ ላለው ቁመት ብቻ ነው፣ መደራረቢያው የለበትም አለ። ወደ ወንዶሰን ዞሮ ብረቱ ቢያጥርህ ምን ልታደርግ ነበር ብሎ ጠየቀው።

ወንዶሰን ሳቀ። «መደራረቡን አሳጥረን እናስረው ነበር።»

ኢንጂነሩ አልሳቀም፤ አጥሮ ከታሰረ ዓምዱ አይችልም አለ። ሽማግሌውም አልሳቀም። ልጄና ሚስቱ የሚተኙበት ነው አለና «ኸላስ፣ በቃ» ብሎ ወረደ።

ወንዶሰን ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘኝ። ላቡ አንገቱ ድረስ ወርዷል። ሌላ ሥራ እንደሌለው፣ ይህ ካመለጠው ከፊሉ፣ ስፖንሰሩ ማለት ነው፣ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እንደማያድስለት ነገረኝ። ዝርዝሩን አስተካክዬ እጽፈዋለሁ አለ።

«ሙሀባው፣ ወንድሜ፣ ሽማግሌው አንተን ይሰማል። አንዲት ቃል ተናገርልኝ።»

ስሜን ያስታውሰው ነበር ማለት ነው።

ክንዴን ቀስ ብዬ አስለቀቅኩ። ታች በሩ አጠገብ የሽማግሌው ሁለት የውሃ ካርቶኖች ነበሩ። አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ፣ ልሸከም እንደመጣ ሰው፣ ትከሻዬ ላይ አደረግኩና ወደ መኪናው ሄድኩ።