በቤቱ ስንት ሰው አለ?

ቢሉን ሳየው መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። የሁለት ወር መብራት መቶ አርባ ዶላር። ቀኑን ሙሉ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሳጥብ ውዬ፣ ማታ አንዲት አምፖል አብርቼ የምተኛ ሴት ምኑን ነው የበላሁት? ቤከን ሂል የሚባለው ሰፈር ያለችውን ቤት ከተከራየሁ ደግሞ የመጀመሪያው ቢሌ ነው።

ሳቁ አልቆየም። መቶ አርባውን ከከፈልኩ በዚህ ወር ወደ ካርቱም የምልከው የለኝም። ባሌ ዓምደ ሚካኤልና ሁለቱ ልጆቼ እዚያ ቪዛ እየጠበቁ ነው፤ የቤት ኪራያቸውን የምከፍለው እኔ ነኝ።

መብራት ካምፓኒውን ኮል አደረግኩ። ሰው ልከው ቆጣሪውን ድጋሚ አስነበቡና "ንባቡ ልክ ነው" አሉኝ። ንባቡስ ልክ ይሁን፣ ቆጣሪው ራሱ ቢያብድስ? ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጠፋሁ፣ ዋናውን ማጥፊያ ሳይቀር ዘጋሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ዝናብ ላይ ቆሜ አየሁት። ከመስታወቱ ስር ያለችው ክብ ብረት አሁንም ትዞራለች። ቆጣሪው ይመርመርልኝ፣ ቢሉም ይስተካከልልኝ ብዬ ጻፍኩላቸው። መልሱ በሳምንቱ መጣ፤ አራት ሰው ለሚኖርበት ቤት ፍጆታው የተለመደ ስለሆነ ምርመራ አያስፈልግም ይላል።

አራት። ያኔ ትዝ አለኝ። መብራቱን በስሜ ሳስገባ፣ በስልክ ያነጋገረችኝ ልጅ "በቤቱ ስንት ሰው አለ?" ስትለኝ "አራት" ብያት ነበር። ታዲያ ምን ልበላት? እኛ አራት ነን። ባሌንና ልጆቼን ቀንሼ መቁጠር ሟርት መሰለኝ፤ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቢሮአቸው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ፋይሌን አየችና ፎርም ገፋ አደረገችልኝ።

"የሰው ቁጥር ተሳስቶ ከሆነ ያርሙትና ይፈርሙ። ከዚያ ቆጣሪው ይመረመራል።"

ብዕሩን ያዝኩ። አንዲት ቁጥር ናት እኮ። እጄ ግን እንቢ አለኝ። ከኋላዬ ያለው ሰልፈኛ ይተነፍስብኛል።

"ሌሎቹ ሦስቱ ለቀው ሄዱ?" አለችኝ። በክፋት አልነበረም።

"አልመጡም" አልኳት። አራቱን ሰርዤ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ፊቴን እንዳታይብኝ አጎንብሼ ፈረምኩ።

ቆጣሪውን ነቅለው ወሰዱና ሌላ ተከሉ። ሲመረመር ከልኩ በላይ ሲቆጥር ተገኘ። ቢሉን ለአንድ ሰው ቤት በሚሆን ግምት አስልተው ሠላሳ ስምንት ዶላር አደረጉት። ከፈልኩ። የካርቱሙንም በጊዜው ላክሁ።

ከገንዘቡ ጋር ለዓምደ ሚካኤል ደብዳቤ ጻፍኩለት። ቆጣሪው ተበላሽቶ እንደነበር፣ ፈረንጆቹን በእንግሊዝኛቸው ተከራክሬ እንደረታኋቸው ነገርኩት። ይኮራብኛል፣ ለልጆቹም ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ምን ብዬ ፈርሜ እንደረታሁ ግን አልጻፍኩለትም።